የማሳ ሙከራን ውስጣዊና ውጫዊ ትክክለኛነት እንዴት እንመረምራለን?

በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅ ዙሪያ ጤፍን በመስመር መዝራት በብተና ከመዝራት የተሻለ ምርት ይሰጥ እንደሆነ ለመፈተን የተነሣ ተመራማሪ ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። የታየው ለውጥ በእርግጥ ከአዘራሩ የመጣ መሆኑን መጠየቅ የውስጣዊ ትክክለኛነት ጉዳይ ሲሆን፣ ያው ውጤት በሌላ ገበሬ፣ በሌላ አፈርና በሌላ ዓመት ይገኝ እንደሆነ መጠየቅ ደግሞ የውጫዊ ትክክለኛነት ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት የምርት ቁጥሮች ለማሳያ ብቻ የቀረቡ ናቸው።

1. ውጤቱን ሊያመጣ የሚችል ሌላ ምክንያት ይፈልጉ። ተመራማሪው አምና ምርታቸው ዝቅተኛ የነበረ 40 ገበሬዎችን መርጦ በመስመር እንዲዘሩ አሠለጠነ እንበል። አምና በሄክታር በአማካይ 9 ኩንታል ያገኙት ገበሬዎች ዘንድሮ 14 ኩንታል አገኙ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ካምቤልና ጁልያን ስታንሊ በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጡት የምርምር ንድፎች ምደባ እንዲህ ያለውን፣ አንድን ቡድን በፊትና በኋላ ብቻ የሚለካ ንድፍ ከደካሞቹ መድበውታል፤ ምክንያቱም የ5 ኩንታሉን ጭማሪ የሚያስረዱ ሌሎች ነገሮች በርካታ ናቸው። ክረምቱ ከአምናው የተሻለ ሊሆን ይችላል። የአምናው ምርት በገበሬው ግምት ተይዞ የዘንድሮው በሚዛን ተለክቶ ከሆነ ደግሞ የተለወጠው መለኪያው ሊሆን ይችላል። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ወደ አማካይ የመመለስን ዝንባሌ ነው፤ አምና ከሁሉ ዝቅ ያሉት ሰዎች ሲመረጡ፣ ከመካከላቸው በረዶ ወይም ተባይ የመታቸው ስለሚገኙ ምንም ሳይደረግላቸው እንኳ ዘንድሮ ከፍ ማለታቸው የሚጠበቅ ነው።

2. ማነጻጸሪያ ቡድን በዕጣ ይለዩ። በዚያው መመዘኛ 80 ገበሬዎች ተመዝግበው 40ዎቹ በመስመር፣ 40ዎቹ እንደ ልማዳቸው በብተና እንዲዘሩ ዕጣ ይውጣ። ፈቃደኛ የሆነውን ወደ ሥልጠና፣ ያልፈለገውን ወደ ማነጻጸሪያ መላክ ዕጣን አይተካም፤ ፈቃደኛው ቀድሞውንም ትጉህ ወይም ጉልበት ያለው ሊሆን ይችላልና። ማነጻጸሪያው ቡድን ከ9 ወደ 12.5 ኩንታል ቢወጣ፣ ከጭማሪው 3.5ቱ ያለ መስመር አዘራርም የሚመጣ እንደነበር ይታወቃል። ለአዘራሩ የሚቀረው 1.5 ኩንታል ነው።

3. ዕጣው የማይከላከላቸውን አደጋዎች ይከታተሉ። በመስመር መዝራት ጉልበት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ከ40ዎቹ 10 ገበሬዎች መካከል ላይ ትተው በብተና ቢዘሩ አያስገርምም። የጸኑት 30 ገበሬዎች አማካይ 15፣ የተዉት 10 አማካይ 11 ኩንታል ነው እንበል። ተመራማሪው የጸኑትን ብቻ ቢያነጻጽር ልዩነቱ 2.5 ኩንታል ይመስለዋል፤ ነገር ግን የተዉት ጉልበት ያጠራቸው በመሆናቸው ዕጣው የፈጠረው እኩልነት ይፈርሳል። ሁሉንም ዕጣ በመደባቸው ቡድን ቆጥሮ ሲያሰላ 14 ኩንታል፣ ልዩነቱም 1.5 ኩንታል ይሆናል። ይህ ቁጥር የሚለካው ገበሬውን በመስመር እንዲዘራ የማሠልጠንን ውጤት ነው።

ሁለተኛው አደጋ ትምህርቱ ወደ ማነጻጸሪያው ቡድን መሻገሩ ነው። በደቦ የሚረዳዱ ጎረቤታሞች በተለያየ ቡድን ሲመደቡ አንዱ ከሌላው መቅዳቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ ይጠብባል። መፍትሔው በገበሬ ፈንታ በቀበሌ ዕጣ ማውጣት ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ ቀበሌን ከአንድ ቀበሌ ማነጻጸር ዋጋ የለውም፣ የአፈሩ ወይም የዝናቡ ልዩነት ከአዘራሩ ሊለይ አይችልምና። በየወገኑ ብዙ ቀበሌዎች ያስፈልጋሉ፤ ስሌቱም ቀበሌን መሠረት ማድረግ አለበት። ሚዛን የሚይዘው ሰው ደግሞ ቡድኑን እንዳያውቅ፣ የተወቃው እህል ቁጥር ብቻ በተጻፈበት ከረጢት ይቅረብለት።

4. ውጤቱ እስከ የት እንደሚደርስ ይወስኑ። ዕጣ ቡድኖችን እኩል ያደርጋል እንጂ ገበሬዎቹ የወሎን ገበሬ ሁሉ እንዲወክሉ አያደርግም፤ ውክልና የሚገኘው ተሳታፊዎቹ ራሳቸው ከሰፊው ሕዝብ በዕጣ ሲመረጡ ነው። በሐይቅ ዙሪያ የታየ ውጤት በክረምት ውኃ በሚቋጥር የዋልካ አፈር ላይ ላይደገም ይችላል፤ የአንድ ክረምት ልኬትም ዝናብ ባጠረበት ዓመት የሚሆነውን አይናገርም። ከዚህም በላይ ለሙከራው ሲባል የግብርና ባለሙያ በየሳምንቱ ማሳ ለማሳ ዞሮ ከሆነ፣ የተለካው አዘራሩና ክትትሉ አንድ ላይ ናቸው፤ ባለሙያው መቶዎችን በሚያዳርስበት መደበኛ ሥራ ያ ክትትል አይኖርም። ስለዚህ የክትትሉ መጠን አስቀድሞ በመደበኛው አሠራር ልክ ይወሰን።

ሙከራውን በደጋና በወይና ደጋ፣ በዋልካና በቀይ አፈር ማስፋት ይቻላል፤ ልዩነቱ ሲበዛ ግን ትንሽ ውጤት በውስጡ ይሰወራል። ይህን ለመቀነስ ዕጣው በየአፈሩና በየአየር ጠባዩ ለየብቻ ይውጣ፤ ውጤቱም ለየብቻ ይቅረብ።

5. መደምደሚያውን በልኩ ይጻፉ። «በመስመር መዝራት የጤፍን ምርት ይጨምራል» ከማለት ይልቅ፣ «በሐይቅ ዙሪያ፣ በዚህ ክረምት፣ አምና ምርታቸው ዝቅተኛ በነበረ ገበሬዎች ማሳ ላይ ሥልጠናው በሄክታር 1.5 ኩንታል ጨምሯል» ብሎ መጻፍ መረጃው የሚፈቅደው ነው።