የሩት ዲሪቬቲቭን በሊሚት ስትሠሩ የት ላይ ነው የሚበላሸው?

ጥያቄው እንዲህ ነው እንበል፦ የ f(x) = √(3x+1) ዲሪቬቲቭን በሊሚት ፍቺው ፈልጉ። አቋራጩን ሕግ የምታውቁ በአንድ መስመር ትጨርሱታላችሁ። ግን "በፍቺው" ስለተባለ ከዚህ መነሳት ግድ ነው፦

```
f'(x) = lim (h→0) [ f(x+h) − f(x) ] / h
```

ጣጣው ሁሉ ታች ያለችው h ናት። እሷ እዚያ እያለች h = 0 ብለን መተካት አንችልም። ስለዚህ የአልጀብራው ሥራ አንድ ብቻ ነው። ላዕሉ ውስጥ ሩት የደበቃትን h ማውጣት፣ ከዚያ ከታችኛዋ ጋር መሰረዝ። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በሙሉ ይህን ሥራ ሳይጨርሱ ወይም አበላሽተው ከማለፍ የሚመጡ ናቸው።

መጀመሪያ ትክክለኛውን እንየው፣ ሥራችሁን ከሱ ጋር እያስተያያችሁ ትቀጥላላችሁ።

```
  [ √(3x+3h+1) − √(3x+1) ] / h

= [ (3x+3h+1) − (3x+1) ] / ( h·[ √(3x+3h+1) + √(3x+1) ] )

= 3h / ( h·[ √(3x+3h+1) + √(3x+1) ] )

= 3 / [ √(3x+3h+1) + √(3x+1) ]

h→0 ሲሆን:  3 / ( 2√(3x+1) )
```

ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መስመር የወሰደን ኮንጁጌት ነው። ላዕሉንም ታህቱንም በ √(3x+3h+1) + √(3x+1) አባዛን። (A − B)(A + B) = A² − B² ስለሆነ ላይ ያሉት ሩቶች ተፈቱ። ትምህርት ቤት ሩትን ከታህት እንድናስወጣ ነበር የለመድነው። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሩቱን ከላይ አስወጥተን ታች እናስቀምጠዋለን። ታች ሆኖ ምንም አይጎዳንም፣ ምክንያቱም h ዜሮ ስትሆን ድምሩ ዜሮ አይሆንም።

አሁን አንድ መፈተሻ ቁጥር እንያዝ። x = 5 ላይ √16 = 4 ነው፣ ስለዚህ መልሱ 3/8 ማለትም 0.375 መሆን አለበት። ካልኩሌተር ካላችሁ h = 0.01 አድርጉና ሞክሩት። √16.03 ወደ 4.00375 ይጠጋል፣ 4 ቀንሳችሁ ለ 0.01 ስታካፍሉ 0.3748 ገደማ ይወጣል። እኔ ይህን መፈተሻ የምወደው ስህተት መኖሩን ስለሚናገር ብቻ አይደለም። የወጣላችሁ የተሳሳተ ቁጥር ራሱ የትኛው መስመር ላይ እንደሳታችሁ ይጠቁማል።

"0/0 ወጣልኝ"

ይህ ገና ሳትጀምሩ መተካታችሁ ነው። ወረቀቱ ላይ f(x+h) − f(x) ከጻፋችሁ በኋላ ወዲያው h = 0 አደረጋችሁ። 0/0 መልስ አይደለም፣ "ዲሪቬቲቭ የለም" ማለትም አይደለም። ገና ያልተሰረዘች h አለች ማለት ብቻ ነው። ተመልሳችሁ ኮንጁጌቱን አባዙ።

ኮንጁጌቱን አባዝታችሁም 0/0 ከወጣ ምልክቱን እዩት። መካከሉ ላይ መቀነስ ጽፋችሁ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ያባዛችሁት በራሱ ነው፣ ላይ (A − B)² ነው ያላችሁ፣ ሲዘረዘር ደግሞ −2AB የሚባል ቁራጭ ይመጣል። ሩቶቹ አልጠፉም፤ እንዲያውም ተባዝተው ቁጭ ብለዋል። ከኮንጁጌት በኋላ ላዕሉ ላይ አንድም ሩት ከታያችሁ ወደፊት አትሂዱ።

"መልሴ 1 ሆነ" ወይም "0.125 ሆነ"

ሁለቱም የ f(x+h) ጉዳይ ናቸው። 1 ከወጣ √(3x+1) + h ብላችሁ ጽፋችኋል፣ h ከሩቱ ውጪ ቀርታለች። 0.125 ከወጣ ደግሞ h ሩቱ ውስጥ ገብታለች ግን √(3x+1+h) ሆና፣ 3ቱ ሳይነካት። መፍትሄው የልጅ ሥራ ይመስላል ግን ይሠራል። ፈንክሽኑን x በነበረበት ቦታ ባዶ ቅንፍ አድርጋችሁ ጻፉት፣ √(3( ) + 1)፣ ከዚያ ቅንፉ ውስጥ x+h ን አስገቡ። √(3(x+h) + 1) ይሆናል፣ 3ቱ ሁለቱንም ታባዛለች።

"መልሴ 3 ብቻ ሆነ፣ x የለበትም"

ኮንጁጌቱን ላይ ብቻ አባዝታችሁ ታች ረስታችሁታል። 3h/h = 3። የመስመር ግራፍ ካልሆነ በቀር ዲሪቬቲቭ ከ x ነጻ አይሆንም፣ ስለዚህ ይህ ስህተት ራሱን ያጋልጣል።

"0.75 ሆነ፣ ልክ እጥፉ"

ይቺ ተንኮለኛ ናት። እኔም አንድ ፈተና ላይ በሷ ሁለት ማርክ ጥያለሁ፣ አስተማሪው ደግሞ ቀይ ክብ አድርጎ ብቻ ነው የመለሰልኝ፣ ምክንያቱን ለማግኘት ማታውን ሙሉ ፈጀብኝ። ያደረግኩት ይህ ነበር፦ ታህቱን "ለማስተካከል" ብዬ ዘረዘርኩት።

```
3h / ( h√(3x+3h+1) + h√(3x+1) )
```

ከዚያ ላይ ያለችውን h ታች ካሉት ከአንዷ ጋር ብቻ ሰረዝኳት። ሌላኛዋ h ቀረች፣ h→0 ሲሆን እሷ ያለችበት ቁራጭ በሙሉ ጠፋ፣ የቀረው 3/√(3x+1) ሆነ። ከታች ያለው 2 የሚመጣው ሁለቱ ሩቶች እኩል ሆነው ስለሚደመሩ ነው፤ አንዱን ካጠፋችሁት መልሱ በእጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ታህቱን አትዘርዝሩ። h ከቅንፉ ውጪ ለብቻዋ ትቁም፣ ላይኛውን ብቻ ዘርዝሩ።

"ኢንፊኒቲ ሆነብኝ"

ሁለት መነሻ አለው። አንደኛው √(3x+1+3h) ን √(3x+1) + √(3h) ብሎ መክፈል ነው። ሩት ድምር ላይ አይከፈልም። √(9+16) = 5 ነው፣ √9 + √16 ግን 7። እንዲህ ከከፈላችሁት √(3h)/h ይቀራል፣ h ስታንስ ይህ ያለ ገደብ ያድጋል።

ሁለተኛው ቅንፍ መዝለል ነው። (3x+3h+1) − (3x+1) መሆን ሲገባው 3x+3h+1 − 3x + 1 ተጻፈ፣ ላይ 3h + 2 ቀረ። ምልክቱ ቀላል ነው። ሁሉም ነገር ተቀናንሶ ካለቀ በኋላ ላዕሉ ላይ h የሌለው ነገር ከተረፈ፣ ያ 2 ይሁን ሌላ፣ የሆነ ቦታ ምልክት ተገልብጧል። f(x+h) እና f(x) የሚለያዩት በ h ብቻ ስለሆነ h የሌለው በሙሉ መጥፋት አለበት።

1/x ላይ ኮንጁጌት አይፈለግም

ሩቱን የለመደ እጅ እዚህም ኮንጁጌት ፍለጋ ይሄዳል። ብታባዙት አይፈርስም፣ ግን ካሬዎች ያመጣባችሁና መጨረሻ ላይ የጋራ ታህት መፈለጋችሁ አይቀርም። እዚህ h ን የደበቃት ሩት ሳይሆን ሁለት የተለያየ ታህት ነው። ስለዚህ በቀጥታ አንድ አድርጓቸው፦

```
1/(x+h) − 1/x = [ x − (x+h) ] / [ x(x+h) ] = −h / [ x(x+h) ]
```

ለ h ሲካፈል −1/[x(x+h)]፣ ከዚያም −1/x²። መልሳችሁ ፖዘቲቭ ከሆነ x − (x+h) ላይ ቅንፉን ዘላችሁታል። x ሲጨምር 1/x ይቀንሳል፣ ስለዚህ ነጌቲቭ መሆኑን ሳትሠሩም ማወቅ ትችላላችሁ። መልሳችሁ 0 ከሆነ ደግሞ ለ h በማካፈል ፈንታ በ h አባዝታችኋል፣ ላይ h² ተፈጥሮባችኋል። "ለ h ማካፈል" የሚለውን "በ 1/h ማባዛት" ብላችሁ ጻፉት፣ ይህ ስህተት ያኔ ቦታ አያገኝም።

ሁለቱም ሲመጡ፦ 1/√x

መጀመሪያ የጋራ ታህት፣ ቀጥሎ ኮንጁጌት። በዚህ ቅደም ተከተል ስትሄዱ ኮንጁጌቱ የሁለት ንጹሕ ሩቶች ይሆናል።

```
[ 1/√(x+h) − 1/√x ] / h

= [ √x − √(x+h) ] / ( h·√x·√(x+h) )

= −h / ( h·√x·√(x+h)·[ √x + √(x+h) ] )

h→0 ሲሆን:  −1 / ( x·2√x )
```

ሁለተኛው መስመር ላይ ልብ በሉ፣ ሩቶቹ ቦታ ተቀያይረዋል፣ √x ነው የቀደመው። ነጌቲቩ የሚመጣው ከዚያ ነው። x = 4 ላይ −1/16 ማለትም −0.0625 ማግኘት አለባችሁ። −0.25 ካገኛችሁ ኮንጁጌቱን ስታመጡ የድሮውን ታህት √x·√(x+h) ጥላችሁታል። ይህ በጣም የተለመደ ነው፣ መስመሩ ስለሚረዝም ሰው ሳያውቀው ያሳጥረዋል።

ስህተት ሳይሆን እውነተኛ ኢንፊኒቲ

ወደ √(3x+1) ልመልሳችሁ። x = −1/3 ላይ ዲሪቬቲቩን ፈልጉ ከተባላችሁ f(x) = 0 ነው፣ የሚቀረው √(3h)/h ብቻ ነው። ይህ √3/√h ነው፣ h ከላይ ወደ ዜሮ ስትሄድ ያለ ገደብ ያድጋል። h ነጌቲቭ ከሆነች ደግሞ ሩቱ ውስጥ ነጌቲቭ ይገባል፣ ከዚያ ወገን ፈንክሽኑ ጭራሽ የለም። ቅድም ሩት ስንከፍል ያገኘነው ቁራጭ ራሱ ነው፣ ግን አሁን ያመጣው ስህተት አይደለም። ግራፉ እዚያ ነጥብ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው የሚነሳው። ወረቀቱን አትደልዙት፤ "እዚህ ነጥብ ላይ ዲሪቬቲቭ የለም" ብላችሁ ጻፉና ወደ ቀጣዩ ጥያቄ እለፉ።