ጀነሬሽን ታይሙ 31 ደቂቃ ሲወጣ፦ ችግሩና መፍትሄው

ደብረ ማርቆስ ላይ የላብ ተማሪዎቼ ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ብሮዝ በሚባለው ፈሳሽ ምግብ ውስጥ በ37 ዲግሪ አሳድገው በየሰዓቱ ቆጠሩ። በአንድ ሚሊ ሊትር ሲጀምሩ 20,000፣ በ60ኛው ደቂቃ 21,000፣ በ120ኛው 150,000፣ በ180ኛው 1,100,000 አገኙ። ቀመሩ በእጃቸው ነበር፦

```
n = (log N - log N0) / 0.301
g = t / n
N = N0 × 2^(t/g)
```

N0 የመነሻው ቁጥር፣ N የመጨረሻው፣ t በመካከሉ ያለፈው ደቂቃ ነው። n ስንት ጊዜ በእጥፍ እንደጨመሩ፣ g ደግሞ አንዱ እጥፍ የፈጀውን ጊዜ፣ ማለትም ጀነሬሽን ታይሙን ይነግረናል። መልሳቸው ግን የተለያየ ሆነ።

g 31 ደቂቃ ወጣ

እነዚህ ከ0 እስከ 180 ደቂቃ ያለውን በሙሉ ወስደዋል። የመጀመሪያውን ሰዓት እዩት፤ ከ20,000 ወደ 21,000፣ አላደገም ማለት ይቻላል። ባክቴሪያው አዲሱን ብሮዝ እየለመደ ነው፤ እርሾ የገባበት ሊጥም ወዲያው ኩፍ አይልም። ያ ላግ ፌዝ ነው፤ ስሌቱ ውስጥ ሲገባ ጊዜውን ያስረዝመዋል።

የቁጥሮቹን ሎግ ከጊዜው ጋር በግራፍ አስቀምጡና ቀጥ ያለው መስመር ላይ ያሉትን ነጥቦች ብቻ ውሰዱ፤ እዚህ ከ60 እስከ 180 ያሉትን። 1,100,000 ለ21,000 ሲካፈል 52.4 ነው። ሎጉ 1.719፣ ያም ለ0.301 ሲካፈል 5.71 እጥፍ። 120 ደቂቃን ለ5.71 ስናካፍል g 21 ደቂቃ ይሆናል።

ሁለቱን ሰዓቶች ለየብቻ አስሏቸው፤ እዚህ ሁለቱም ወደ 21 ይመጣሉ። አንዱ ጎልቶ ከረዘመ ቀመሩን ትታችሁ ኢንኩቤተሩን ጠርጥሩ። መብራት ሄዶ ከሆነ የማርቆስ ብርድ ብሮዙን ቶሎ ያቀዘቅዘዋል፣ እድገቱም ይጓተታል።

g 70 ወይም 9 ደቂቃ ወጣ

70 ያገኘው ለ0.301 ማካፈሉን ረስቷል። 9 ያገኘው ካልኩሌተሩ ላይ `log` ሳይሆን `ln` ተጭኗል፤ `ln` ከተጠቀማችሁ አካፋዩ 0.693 ነው።

የነገው ቁጥር የማይታመን ሆነ

በ240ኛው ደቂቃ ስንት ይኖራል? ከ180 ወዲህ 60 ደቂቃ አለ፤ 60 ለ21 ሲካፈል 2.86 እጥፍ ነው። 2^2.86 ወደ 7.25 ስለሆነ፣ 1,100,000 በ7.25 ሲባዛ 8 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ይህ ያስኬዳል።

አንዱ ተማሪ ግን እስከ 24 ሰዓት ገፋበትና ከ10^24 በላይ አወጣ። የአንዱ ሴል ክብደት የግራም ትሪሊዮንኛ ገደማ ስለሆነ፣ ይህ በአንዲት ሚሊ ሊትር ውስጥ ከሚሊዮን ቶን በላይ ባክቴሪያ ማለት ነው! እንዲህ ባለ ብሮዝ ውስጥ ምግቡ ያልቃል፣ ቆሻሻውም ይጠራቀማል፤ እድገቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቢሊዮን አካባቢ ሲደርስ ይቆማል። በዚህ g ከ180ኛው ደቂቃ በኋላ ቢሊዮን ለመድረስ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃል፤ እንዲያውም ፍጥነቱ ከዚያ ቀድሞ መቀነስ ይጀምራል። የማግስቱን ቁጥር የፈለገ ናሙናውን አቅጥኖ ፔትሪ ዲሽ ላይ ይዝራና ኮሎኒውን ይቁጠር።