የብድር መክፈያ ሠንጠረዥን ሲያነቡ መጀመሪያ የወለዱን ዓምድ ይመልከቱ

የረጅም ጊዜ ብድር የወሰደ ሰው በመክፈያ ሠንጠረዡ ላይ ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ ዓይቶ ማለፍ የለበትም፤ ዋናው ቁም ነገር ያለው ያ ክፍያ ለወለድና ለዋናው ብድር በሚከፋፈልባቸው ሁለት ዓምዶች ላይ ነው። ለምሳሌ 100,000 በ12 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ለ20 ዓመት ቢበደሩ፣ ወርሃዊው ክፍያ 1,101.09 ይሆናል። የወሩ ወለድ የቀሪው ዕዳ 1 በመቶ ስለሆነ ከመጀመሪያው ክፍያ 1,000 ወደ ወለድ ይሄዳል፤ ዕዳውን የሚቀንሰው የተረፈው 101.09 ብቻ ነው። በሁለተኛው ወር ወለዱ 998.99፣ ለዋናው ብድር የሚውለው ደግሞ 102.10 ይሆናል። ለውጡ እጅግ አዝጋሚ በመሆኑ፣ ለዋናው ብድር የሚውለው ድርሻ ከወለዱ የሚበልጠው በ172ኛው ክፍያ፣ ማለትም በ15ኛው ዓመት ውስጥ ነው።

ይህን ያየ ተበዳሪ ሠንጠረዡን ሊጠቀምበት ይችላል። ከመጀመሪያው ክፍያ ጋር የሁለተኛውን ረድፍ 102.10 ጨምሮ ቢከፍል ያ ረድፍ ይዘለላል፤ 998.99 ወለድም ይቀርለታል፤ ብድሩም በአንድ ወር ቀድሞ ያልቃል። ይህ የሚሠራው ግን አበዳሪው ያለ ቅጣት ቅድመ ክፍያ የሚቀበልና ተጨማሪውን ገንዘብ ከዋናው ብድር ላይ የሚቀንስ ከሆነ ነው፤ ለቀጣዩ ወር ክፍያ ብሎ ከያዘው ጥቅሙ ይጠፋል። ለማረጋገጥ አበዳሪው ቀጥሎ የሚልክልዎትን የሂሳብ መግለጫ ይመልከቱ፦ ቀሪው ዕዳ 99,796.81፣ የወሩ ወለድም 997.97 መሆን አለበት።