ውሻውና ባለቤቱ በአንድ ምስል፦ ፊቷን ያጠፋብኝ ምን ነበር?

ወደ አንድ ምስል ያዋሃድኳቸው የሴትዮዋና የውሻዋ ፎቶዎች ለየብቻ የተነሱ ናቸው። ብርሃኑ ለእሷ ከግራ፣ ለውሻው ከቀኝ ይመጣል። ለማስማማት የእሷን ፎቶ በመስታወት እንደሚታይ ግራና ቀኙን ገለበጥኩት። ፊቷ ሌላ ሰው መሰለ! የሰው ፊት ግራና ቀኙ እኩል አይደለም፤ ለሚያውቃት ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። እሷን መለስኩና ውሻውን ገለበጥኩት። አንድ ጆሮው ብቻ ነጭ ቢሆን ኖሮ ግን ይህም አይሆንም ነበር።

የውሻው ጠርዝ ደግሞ በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ነበር። ሳለሰልሰው ጸጉሩ እንደ ጭጋግ ደበዘዘ። ስለዚህ ማለስለሱን ተውኩት። የፎቶውን ክፍል በሚደብቀውና በሚያሳየው ሌየር ማስክ ላይ በ2 ፒክስል ብሩሽ፣ ጸጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ አንድ በአንድ ሳልኩት። ጥቂት ጸጉሮች በጣቶቿ መሃል ብቅ እንዲሉ አደረግኩ። ያኔ እጇ በእርግጥ ውሻው ላይ ያረፈ መሰለ።