ማስታወቂያን በፎቶ ለምትለጥፉ

እዚህ ሐዋሳ የቤት ኪራይም ሆነ የሥልጠና ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ፎቶ ላይ ተጽፎ ነው የሚለጠፈው። ዓይነ ስውር ሰው ስክሪኑን በድምፅ በሚያነብለት ስክሪን ሪደር፣ ማለትም በአንድሮይዱ ቶክባክ ወይም በአይፎኑ ቮይስኦቨር ሲደርስበት ግን ቁም ነገሩ ያመልጠዋል። አፑ ራሱ ገምቶ የሚሞላው መግለጫ «ጽሑፍ ያለበት ምስል ሊሆን ይችላል» ብሎ ሊያበቃ ይችላል። ቤቱ የት ነው? ስንት ክፍል አለው? የለም።

መፍትሔው አልት ቴክስት፣ ማለትም ስክሪን ሪደሩ የሚያነበውን የፎቶ መግለጫ፣ ራሳችሁ መጻፍ ነው። ኢንስታግራም ላይ ቀድሞ ለተለጠፈ ፎቶ ሦስቱን ነጥቦች ነክታችሁ Edit በሉ። ከዚያ ፎቶው ላይ Edit alt text የሚለውን ተጫኑና ጻፉ። ለሚያይ ሰው ስክሪኑ ላይ አይወጣም፤ ስክሪን ሪደሩ ግን በግምቱ ፋንታ የእናንተን ቃል ያነባል።

«የማስታወቂያ ፎቶ» ብላችሁ አትለፉት። እንዲህ ጻፉ፦ «ፒያሳ አካባቢ ባለ 2 መኝታ ቤት ይከራያል። ምድር ላይ ነው፣ ደረጃ የለውም፣ የራሱ መግቢያ አለው።» የፖስተሩን ቀለምና አበባ ተዉት፣ ጆሮ ያደክማል።

ስልክ ቁጥሩን ግን ከፎቶው ሥር ባለው ጽሑፍ ላይም አስገቡ፤ አልት ቴክስት ውስጥ ብቻ ከሆነ የሚያይ ሰው አያገኘውም። ዝርዝሩ በሙሉ እዚያው ሥር ተጽፎ ከሆነ ደግሞ አትድገሙት፤ «ዝርዝሩ ከታች ያለ የኪራይ ማስታወቂያ» ይበቃል፣ አለዚያ ሰውዬው አንዱን ነገር ሁለቴ ይሰማል።

ለመፈተሽ ቶክባክን አብሩና ፎቶውን አንዴ ንኩት። ቶክባክ ሲበራ አንድ ንክኪ ያነባል፣ የሚከፍተው ሁለቴ መንካት ነው፤ ስታጠፉትም እንደዚያው። አማርኛውን ዘሎት ካለፈ፣ መጀመሪያ የስልኩ ንባብ ድምፅ አማርኛ እንዳለው እዩ።