የአያትን የደበዘዘ ፎቶ ድሬ ላይ ማሳል፦ ውጭ ላላችሁ

የአያታችሁን የደበዘዘ ፎቶ በቀለም ማሳል ካሰባችሁ፣ ሰዓሊ ከመፈለጋችሁ በፊት አያታችሁን በዓይኑ ያየ ሰው ፈልጉ። ለቤትና ለመሬት ውክልና ትልካላችሁ። ለሥዕል ውክልና አያስፈልግም፤ ሰዓሊው ፊት ቆሞ «ኧረ እሳቸውን አይመስልም» የሚል ሰው ግን የግድ ነው። እኔ ያለሁት ድሬዳዋ ነው። ካናዳና ስዊድን ላሉት የአጎቴ ልጆች ይህን ጉዳይ ያስጨረስኩት እኔ ስለሆንኩ፣ እንዴት እንደሄደ ልንገራችሁ።

አያታችን የሺመንደፈር ሠራተኛ ነበሩ። ከተማዋ ራሷ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናትና፣ ኮፍያ ያደረገ የባቡር ሠራተኛ ፎቶ ግድግዳው ላይ ያለ የድሮ ቤት እዚህ ብርቅ አይደለም። የእኛው መዳፍ የምታክል ጥቁርና ነጭ የስቱዲዮ ፎቶ ነች። በ1998 ዓ.ም. በደቻቱ ጎርፍ ውሃ ቤት ገብቶ ፍሬሙ ራሰ። አክስታችን እቴቴ ከነመስታወቱ አደረቁት፤ ሲደርቅ ፎቶው መስታወቱ ላይ ተጣበቀ። የግራው ፊት ነጥቶ ወደ ቡኒ ሄዷል፣ የግራ ዓይን ደግሞ አለ ከማለት የለም ማለት ይቀላል።

የአጎቴ ልጅ ከካናዳ ደውሎ መጀመሪያ ያለው «ከመስታወቱ ላጡትና ስካን አድርጉት» ነበር። እንዳታደርጉት! የድሮ ፎቶ ምስሉ ያለው ጄላቲን የሚባል ስስ ሽፋን ውስጥ ነው። ጄላቲን ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ የነካውን ነገር እንደ ሙጫ ይይዛል። ስትልጡት ወረቀቱ እጃችሁ ላይ ይቀርና ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከነመስታወቱ ነው የሚነሳው።

አነሳሱ ከባድ አይደለም። ፍሬሙን መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አጋድሙት፤ ፀሐይ በቀጥታ አይምታው። ፍላሽ አጥፉ፣ ፊት የሚያሳምረውንም ነገር ሁሉ አጥፉ። ስልኩ ከፎቶው ጋር ትክክል ትይዩ ይሁን፤ ትንሽ ካዘነበለ አገጩ ይረዝማል ወይም ግንባሩ ይሰፋል፣ ሰዓሊውም የተዛባውን ፊት አምኖ ይስለዋል። መስታወቱ ላይ የስልኩ ጥላና የእናንተ ፊት እንዳይታይ ጥቁር ነጠላ ወይም ጨርቅ መሃሉን ቀዳችሁ፣ ስልኩን በቀዳዳው አሳልፋችሁ አንሱ። እቴቴ አሮጌ ጥቁር ሻሻቸውን ለዚህ ሰጡን፣ ሲቀደድ ግን ፊታቸውን አዙረው ነበር። ስትልኩት ደግሞ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለዚያ መተግበሪያው ጨምቆ ያሳንሰዋል። ያልተጣበቀ ፎቶ ከሆነማ ስካነር ይሻላል። በ600 ዲፒአይ ይደረግ፣ ጀርባውም ይነሳ፤ የስቱዲዮ ማኅተም ወይም ዓመት ሊኖርበት ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አረጋግጡ። ፎቶው ሲታተም ኔጌቲቩ ተገልብጦ ከሆነ ቀኝና ግራ ተቀያይሯል ማለት ነው። የወንድ ኮት የግራው ጎን በቀኙ ላይ ተደርቦ ነው የሚቆለፈው። በፎቶው ላይ ተቃራኒው ከታየ ወይም የኮፍያው ጽሑፍ ወደ ኋላ ከተነበበ፣ ሰዓሊው ከመጀመሩ በፊት ምስሉን በስልክ ገልብጡለት። የእኛው ደህና ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ፎቶ ሲደበዝዝ መጀመሪያ የሚሄደው በጥቁሩና በነጩ መሃል ያለው ስስ ጥላ ነው። ኮፍያው፣ ጺሙ፣ ኮሌታው ይቀራሉ። የጉንጩ ክብነት፣ የዓይኑ ቆብ፣ ከከንፈር በታች ያለችው ጎድጓዳ ግን ይጠፋሉ። ሰው ከሰው የሚለየው ደግሞ በነዚህ ነው። ሰዓሊው ባዶውን ቦታ በሆነ ነገር መሙላት አለበት፣ የሚሞላውም እጁ በለመደው ፊት ነው። ክፋት የለበትም፣ ሌላ ምን ያድርግ?

የኛ ሰዓሊ ጎበዝ ልጅ ነው። የፎቶው ቅጂ ላይ የካሬ መስመር ጥሎ፣ ሸራው ላይ ያንኑ ካሬ በትልቁ አድርጎ፣ እያንዳንዷን ቤት እያየ በከሰል ነደፈ። ሸራው 50 በ70 ሳንቲ ሜትር ነው። ንድፉን ለልጆቹ ስልክላቸው በጣም ወደዱት፣ ካናዳ ያለው እንዲያውም «አቦ ምርጥ ነው፣ ቀጥሉ» አለ። እቴቴን ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቆይተው ቆይተው፣

«ቆንጆ ሰው ነው። ማነው?» አሉ።

ሰዓሊው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ ተቀምጠው ማስረዳት ጀመሩ። የአያታችን የግራ ዓይን ቆብ ወረድ ያለ ነበር፤ ሰዓሊው ግን የጠፋውን የግራ ዓይን የሠራው የቀኙን ገልብጦ ነው። ሁለት እኩል ዓይን ሲገባ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ጉንጫቸው ላይም ከአፍንጫ ወደ አፍ የሚወርድ ጠለቅ ያለ መስመር ነበራቸው። እሱ ደግሞ ፎቶው ላይ ጥርት ብሎ ባለው በቀኙ በኩል እንኳ የለም። የድሮ ስቱዲዮዎች ኔጌቲቩን በእርሳስ እየነኩ መጨማደድ ያጠፉ ስለነበር፣ ፎቶው ላይ የሌለ ሁሉ ፊታቸው ላይ አልነበረም ብላችሁ አትደምድሙ።

መፍትሔው አጎታችን ሆኑ። የአባታቸውን ቁርጥ ናቸው ይባላል። ፎቶው ላይ ብርሃኑ ከቀኝ ጉንጫቸው በኩል፣ ትንሽ ከላይ ነው የሚመጣው (ይህን በአፍንጫው ጥላ ታውቁታላችሁ፣ ጥላው የወደቀበት ተቃራኒ ነው)። አጎቴን በር አጠገብ አስቀምጠን፣ ብርሃኑ ከዚያው አቅጣጫ እንዲመታቸው አድርገን፣ አንገታቸውን ልክ እንደ ፎቶው አዙረን አነሳናቸው። ሰዓሊው አዲሱን ፎቶ የወሰደው ዓይናቸውን ሊቀዳ አይደለም፤ በዚያ ብርሃን ውስጥ የዚያ ቤተሰብ ጉንጭና ጆሮ ጥላው እንዴት እንደሚወድቅ ሊያይበት ነው። የከሰል ንድፍ በጨርቅ ስለሚጠረግ ዓይኑን እዚያው እቴቴ ፊት አስተካከለው። ቀለም ከገባ በኋላ ቢሆን ኖሮ መፋቅና እንደገና መጠበቅ ነበር።

ለዚህ ነው ክፍያውን በደረጃ ተዋዋሉ የምላችሁ። ቀብድ፣ ንድፉን አገር ቤት ያለው ሰው አይቶ ሲያጸድቀው ሁለተኛው፣ ሲያልቅ የቀረው። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ መጠኑ፣ የቀለሙ ዓይነት፣ ንድፉን ማን እንደሚያጸድቅ በስም ይጻፍበት። የሚያጸድቀው አንድ ሰው ይሁን፣ እሱም አገር ቤት ያለው። ውጭ ያሉት ልጆች አያታቸውን የሚያውቁት ከሸበቱ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ስዊድን ያለችው «ሽበት ይጨመርልኝ» ስትል ካናዳ ያለው «ኮፍያው ይውለቅ» ይል ነበር። የሰላሳ ዓመት ሰው ፊት ላይ የሰባ ዓመት ሽበት ሲገባ የማንም ፊት አይሆንም። የፎቶው ዕድሜ ላይ ቆዩ።

ቀለም ሌላው ጣጣ ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ቀይ ዳማና ጠይም አይለዩም፣ ፎቶው ሲነጣ ደግሞ ሁሉም ቀይ ይመስላል። «ጠይም ነበሩ» ብቻ ካላችሁ የእናንተ ጠይምና የሰዓሊው ጠይም አይገናኙም። የሚሻለው ከቤተሰቡ መልካቸው የሚቀርበውን ሰው በአካል ማሳየት ነው። እቴቴ የራሳቸውን ክንድ ዘርግተው «ከዚህ ጠቆር ያለ» አሉ፤ ሰዓሊው እዚያው ቀላቅሎ ክንዳቸው አጠገብ እያስጠጋ አገኘው። የደንብ ልብሱ ካኪ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የክራቫቱን ቀለም ግን የሚያስታውስ ጠፋ፣ ስለዚህ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሆኖ ቀረ። ማንም የማያስታውሰውን በደማቅ ቀለም አታስሞሉ፤ ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው።

ሰዓሊው ሂደቱን ሲልክላችሁ ጥላ ውስጥ፣ በቀን ብርሃን ያንሳው። በቢጫ አምፖል የተነሳ ሥዕል ላይ ስለ መልክ መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

ስለ መላክ። የሚሄደው ሰው በቅርብ የሚበር ከሆነ በአክሪሊክ አሠሩ፣ እሱ በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል። እኛ ጊዜ ስለነበረን በዘይት ቀለም አሠራን። የዘይት ቀለም ላዩ በቀናት ውስጥ የደረቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሳምንታት፣ እንዲያውም ወራት ይፈልጋል። የድሬ ሙቀት ያፋጥነዋል፣ አቧራው ግን ይለጠፍበታል፤ እስኪደርቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ሳይነካ ማስቀመጥ ነው። ከእንጨቱ ሲነቀል እዚያ እንደገና እንዲወጠር በአራቱም ጎን ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ባዶ ሸራ ይትረፍ፤ ይህን መጀመሪያውኑ ንገሩት። የሚጠቀለለው ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ ነው። ብዙ ሰው ለመከላከል ብሎ ወደ ውስጥ ይጠቀልለዋል፣ ያኔ ቀለሙ ይጨማደድና ሲዘረጋ ይሰነጠቃል። መጠቅለያውም ቀጭን እንጨት አይሁን። እኛ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ አስቆርጠን፣ ቀለሙ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አልብሰን ሸራውን እሱ ላይ ጠቀለልን፣ ከላዩ ፕላስቲክ። ጋዜጣ አታልብሱት፣ የጋዜጣው ቀለም ይተላለፍበታል።

ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው። አዲስ ሥዕል ቅርስ አይደለም፤ የድሮ ሰው የተሳለበት ጥቅል ሸራ ግን ኤርፖርት ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ሰዓሊው ከኋላው ስሙንና ዓመቱን ይጻፍበት፣ ደረሰኝ ይስጥ፣ ተጓዡም ከመሄዱ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቅ።

ሁለት አገር ላሉ ልጆች ሁለት ሥዕል አላሠራንም። ያለቀውን ሥዕል ቫርኒሽ ሳይቀባ፣ ማለትም ሳያብለጨልጭ፣ በጥሩ ካሜራ አስነሳነው። ስዊድን ያለችው ፋይሉን ተቀብላ እዚያው ሸራ ላይ አሳተመችው፣ ዋናው ካናዳ ሄደ። ፎቶው ራሱ ከእቴቴ ቤት አልወጣም፣ ከነመስታወቱ ፀሐይ የማይደርስበት ግድግዳ ላይ ነው።

የዘይት ቀለም ከሆነ ቫርኒሹ የሚቀባው ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ እዚያ ያለ ፍሬም ሠሪ ይሠራዋል። ሲያስገባው መስታወት ልግጠምበት ካለ እምቢ በሉ፤ ያልጠነከረ ዘይት መስታወት ከነካ ይጣበቃል።