በወሩ የመጨረሻ ቀን ብቻ የሚሠራ ትእዛዝ በክሮን እንዴት ይቀጠራል?

የወር መዝጊያ ሪፖርት የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ በየወሩ በ30ኛው ቀን እንዲነሣ ቀጠርሁት። በጃንዩዋሪ ሠራ፤ በፌብሩዋሪ ግን ዝም አለ። የስሕተት መልእክት ፍለጋ መዝገቡን አገላበጥሁ፤ ምንም የለም። በክሮን በኩል የተሳሳተ ነገር ስላልነበረ ነው። ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ቀጠሮው አልደረሰም፤ ያልደረሰ ቀጠሮ ደግሞ ስሕተት ተብሎ አይመዘገብም። የጃንዩዋሪው ሪፖርት ራሱ የ31ኛውን ቀን ሒሳብ ሳይዝ እንደ ወጣ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ 30ን በ31 መተካትም መፍትሔ አይሆንም። 31 ቀን ያላቸው ወራት ሰባት ብቻ ናቸውና በቀሪዎቹ አምስት ወራት ትእዛዙ አይነሣም። አንዳንድ መርሐ ግብር አስያዦች፣ ለምሳሌ ኳርትዝ፣ የመጨረሻውን ቀን የሚያመለክት `L` የሚል ፊደል ይቀበላሉ። በአብዛኞቹ የሊኑክስ ማሽኖች ላይ ያለው ተራ ክሮን ግን አያውቀውም።

ስለዚህ ጥያቄውን እንገልብጠው። «ዛሬ ስንት ነው?» ከማለት ይልቅ «ነገ 1 ነው?» ብለን እንጠይቅ። ነገ 1 ከሆነ፣ ዛሬ 28ም ሆነ 31 የወሩ መጨረሻ ነው። ክሮን ከ28 እስከ 31 ባሉት ቀናት ሁሉ ይነሣል፤ ጥያቄው አዎ ካልተባለ ግን ወደ ሥራው አይገባም። `crontab -e` ብለው ይክፈቱና ይህን ያስገቡ፦

```
50 23 28-31 * * [ "$(date -d tomorrow +\%d)" = "01" ] && /usr/local/bin/month-close.sh
```

ከ`%` በፊት ያለችውን ወደ ኋላ ያዘመመች ሰረዝ ልብ ይበሉ። እኔን ሌላ አንድ ወር ያስከፈለችኝ እርሷ ናት። ትእዛዙን ያለ ሰረዟ በተርሚናል ሞከርሁት፤ በትክክል ሠራ። እንዳለ ገልብጬ ወደ ክሮን ሠንጠረዥ አስገባሁትና ተረጋጋሁ። ክሮን ግን `%`ን የሚያየው እንደ መስመር መጨረሻ ነው፤ ትእዛዙን እዚያው ይቆርጥና ቀሪውን ለትእዛዙ እንደ ግብዓት ይሰጠዋል። ወደ ሼሉ የደረሰው ይህ ጉማጅ ብቻ ነበር፦

```
[ "$(date -d tomorrow +
```

የተከፈተው ጥቅስ አልተዘጋም፣ ቅንፉም አልተዘጋም፤ ሼሉ ይህንኑ ተናግሮ ያቆማል። የሚናገረው ግን ክሮን በሚልከው ኢሜይል ነው፤ በማሽኑ ላይ ኢሜይል ካልተዋቀረ ቅሬታው የትም አይደርስም። በተርሚናል የሠራ ትእዛዝ በክሮን ሲከሽፍ ካዩ፣ መጀመሪያ `%` ይፈልጉ።

እኔ አሁን ጥያቄውን ከሠንጠረዡ አውጥቼ በስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ አደርገዋለሁ። እዚያ `%` ተራ ምልክት ስለሆነች ሰረዝ አያስፈልጋትም፦

```
#!/bin/sh
[ "$(date -d tomorrow +%d)" = "01" ] || exit 0
```

በማክ ላይ ከሆኑ `-d tomorrow` አይሠራም፤ በምትኩ `-v+1d` ይጻፉ።

ለመፈተን የወር መጨረሻ አይጠብቁ፤ ቀኑን ራስዎ ይስጡት።

```
date -d "2027-02-28 +1 day" +%d
date -d "2028-02-28 +1 day" +%d
```

የመጀመሪያው 01 ይመልሳል። 2028 ፌብሩዋሪ 29 ቀን ያለው ዓመት ስለሆነ ሁለተኛው 29 ይመልሳል፤ ስክሪፕቱም በዚያ ሌሊት ዝም ማለት አለበት። የሰርቨሩ ሰዓት በየትኛው የሰዓት ክልል እንደ ተሞላም `date` ብለው ያረጋግጡ። ሰርቨሩ ከእርስዎ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ከሆነ፣ በእርሱ 23:50 ሲል እርስዎ ዘንድ አዲሱ ወር ከገባ ወደ ሦስት ሰዓት ሊሆነው ነው።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ፣ ሥራው ሙሉ ወር የሚዘጋ ሪፖርት ከሆነ በመጨረሻው ቀን ባያሠሩት እመርጣለሁ። በ23:50 የተነሣ ሪፖርት የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች አይዝም። በ1ኛው ቀን ከእኩለ ሌሊት በኋላ አስነሥተው ያለፈውን ወር እንዲዘጋ ማድረግ ይሻላል፤ 1 የሌለው ወር የለምና። እዚህ ግን ያለፈውን ወር ስም በ`date -d "last month"` አይውሰዱ። በ1ኛው ቀን በትክክል ይሠራል፤ ነገር ግን ስክሪፕቱን ማርች 31 ቀን በእጅዎ ቢያስነሡት አንድ ወር ቀንሶ ፌብሩዋሪ 31 ላይ ይደርሳል፤ ያ ቀን ስለሌለ ትርፉን ወደ ፊት ቆጥሮ ማርች 3፣ ፌብሩዋሪ 29 ቀን ባለው ዓመት ደግሞ ማርች 2 ይላል። ያለፈው ወር ማርች ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ ወደዚህ ወር 1ኛ ቀን ይሂዱ፣ ከዚያ አንድ ቀን ይቀንሱ፦

```
date -d "$(date +%Y-%m-01) -1 day" +%Y-%m
```

በማርች በየትኛውም ቀን ቢያስነሡት የሚመልሰው ፌብሩዋሪን ነው።